ነዳጅ ቆጣቢ የተባለው መንገድ ለምን በሞጣ በኩል ወሰደኝ?

መነሻ ጽሑፍ

የውይይት ክሩን የከፈተው «ቁስቋም» በሚል ስም የሚጽፍ የጎንደር ሰው ነው፤ ከአዳማ በፒክአፕ የመኪና መለዋወጫ እያመጣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ለሚገኙ ሱቆች ያስረክባል። መንገድ ላይ ኔትወርክ እየጠፋ ስለሚያስቸግረው የኢትዮጵያን ካርታ አስቀድሞ ስልኩ ላይ አውርዶ፣ ኦስማንድ በተባለው መተግበሪያ የመንገድ ምርጫዎች ውስጥ ሦስቱን አብርቶ እንደ ተነሣ ጻፈ፦ Avoid toll roads፣ Avoid unpaved roads እና Fuel-efficient way። የጠበቀው ክፍያ የሌለበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት የሆነና ናፍታ የማይበላ መንገድ ነበር። መተግበሪያው ግን ባሕር ዳር ሲደርስ በዳንግላ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ የሚያልፈውን የተለመደውን መንገድ ትቶ ወደ ሞጣ አዞረው፤ በመካከልም ገና ያልተጠናቀቀ፣ ጠጠርና አቧራ ብቻ የሆነ ረጅም ቁራጭ ገጠመውና ከኋላ በኩል አንድ ባሌስትራ ሰበረ። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ኮረኮንች እንዳያሳየኝ አዝዤው ሳለ ለምን ወደ ኮረኮንች ላከኝ? ነዳጅ ይቆጥባል የተባለውስ ምርጫ በእውነት የሚያሰላው ነገር አለ ወይስ ጌጥ ነው? ክሩ ስለ ረዘመና መካከሉ ላይ ወደ ሌላ ጉዳይ ስለ ሄደ፣ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የተባለውን በተባለበት ቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ምላሽ 1

«ማራኪ» በትሕትና ጀመረች። ስለ ባሌስትራው አዝናለሁ ብላ፣ ካርታው መቼ እንደ ወረደና ከዚያ ወዲህ ታድሶ እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ካርታው ያረጀ ከሆነ ምርጫዎቹን መውቀስ ተገቢ እንዳልሆነም አከለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር፤ መልሱ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

ምላሽ 2 እና 3

«ሽንታ» ጥያቄውን የዳታ ጥያቄ አድርጎ ተረዳው። ኢንተርኔት ከሌለ ስልክ የት እንዳለ ማወቅ ስለማይችል ችግሩ የዚያ ነው፣ መፍትሔውም የወር ጥቅል መግዛት ነው አለ። «ቀሃ» አረመው፦ ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ነው፤ ሲም ካርዱን አውጥተህ ብትጥለው እንኳ ቦታህን ያሳይሃል። ዳታ ሲጠፋ የሚለወጠው የመጀመሪያው ምልክት እስኪያዝ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት ሰማይ በሚታይበት ግቢ ቆሞ መተግበሪያውን መክፈት ይበቃል። ደግሞም፣ አለ ቀሃ፣ የቁስቋም ስልክ ቦታውን አልሳተም፤ የመረጠው መንገድ ነው ያላማረው። ሽንታ አመሰገነና ዝም አለ።

ምላሽ 4

«ጠዳ» ኦስማንድን ትቶ ወደ ጉግል ማፕስ እንዲዞር መከረ። በእርሱ አባባል ጉግል ማፕስም ካርታ ያወርዳል፣ የክፍያ መንገድንም ይሸሻል፣ ነዳጅ የሚቆጥበውንም መንገድ በአረንጓዴ ቅጠል ለይቶ ያሳያል፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት ነው። ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ በዚህ ክር ውስጥ ከውሸት ይልቅ ብዙ ሰው ሲያሳስት አይቻለሁ።

ምላሽ 5

ጀርመን አገር የምትኖር እኅት ያላት «ሎዛ» ቅጠሏን አይታታለች። ምርጫው እ.ኤ.አ. በ2021 አስቀድሞ አሜሪካ ላይ፣ በቀጣዩ ዓመት ጀርመን ላይ እንደ ወጣ፣ የሞተሩን ዓይነት ማለትም ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ድብልቅ ወይም ኤሌክትሪክ መሆኑን እንደሚጠይቅ፣ ስሌቱ ግን ስልኩ ላይ ሳይሆን ከሩቅ በሚገኘው የድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚሠራ ገለጸች። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጉግል ማፕስ አንድ መንገድ ብቻ ያወጣል፤ አማራጮችን ጎን ለጎን አያቀርብም፣ የትራፊኩን ሁኔታም አያውቅም። የሚነጻጸር ሁለተኛ መንገድ ከሌለ ቆጣቢው የቱ እንደ ሆነ የሚለይበት መሠረት የለም። ከዚህም በላይ የጉግል ማፕስ ምርጫዎች የክፍያ መንገድን፣ ሰፊ አውራ ጎዳናንና ጀልባን መሸሽ ናቸው፤ ጠጠርን መሸሽ የሚል የለበትም። ለጎንደር ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገው ምርጫ የጎደለው እዚያ ነው። በመጨረሻም ለጠዳ አንድ ጥያቄ አቀረበች፦ ያወረድከው ካርታ ጎንደርን ብቻ የሚሸፍን አራት ማዕዘን ነው ወይስ እስከ አዳማ ይደርሳል? ጉግል ማፕስ ላይ የሚወርደው በሣጥን የተከለለ ቦታ ስለሆነ፣ መድረሻው ከሣጥኑ ውጭ ከሆነ ያለ ኔትወርክ መንገድ አያወጣም። ጠዳ በኋላ ሲመልስ የከተማዋን ብቻ ማውረዱን አመነ።

ምላሽ 6

እዚህ ላይ «አንገረብ» ገባ። ይህ ሰው ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው፣ ማንም ሰው በነጻ በሚያርመው ካርታ ላይ የጎንደርንና የአካባቢዋን መንገዶች ለዓመታት ሲያስገባ የኖረ ነው፤ ኦስማንድም ኦርጋኒክ ማፕስም መንገዱን የሚያወጡት ከዚያ ካርታ ነው። መልሱ ረጅም ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን ሁለት ነጥብ ነው።

አንደኛው ስለ ጠጠሩ ነው። መተግበሪያው መንገዱን ዓይን ኖሮት አያየውም፤ አንድ ሰው ካርታው ላይ የጻፈለትን ያነባል። ለምሳሌ አስፋልትነቱ የተመዘገበ አንድ ቁራጭ እንዲህ ይጻፋል፦

```
highway=primary
surface=asphalt
```

ሁለተኛው መስመር `surface=gravel` ወይም `surface=unpaved` ቢል፣ ጠጠር እንዲሸሽ የታዘዘ መተግበሪያ ያንን ቁራጭ ይተወዋል። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው መስመር ጨርሶ ሳይኖር ሲቀር ነው። ያን ጊዜ መተግበሪያው ዋና መንገድ የሚለውን ብቻ አይቶ እንደ ደህና መንገድ ይቆጥረዋል፤ ያልተጻፈ ጠጠር ለእርሱ የለም። የሞጣው መስመር በየጊዜው በየቁራጩ ሲሠራ የኖረ ስለሆነ አንዱ ቁራጭ አስፋልት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ባዶ ሆኖ መቀመጡ የሚጠበቅ ነው። ቁስቋም የሰጠው ትእዛዝ እንግዲህ አልተጣሰም፤ የሚፈጸምበት መረጃ ነው ያልነበረው።

ሁለተኛው ስለ ነዳጁ ነው። በኦስማንድ ውስጥ Fuel-efficient way የሚለውን ምርጫ ማብራሪያ ላነበበ ሰው፣ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ እንደሚሆን በቅንፍ ተጽፎለታል። ዳገቱን አይመዝንም፣ የጭነቱን ክብደት አይጠይቅም፣ ሞተሩ ናፍታ ይሁን ቤንዚን አያውቅም። ፈጣኑን መንገድ ከመፈለግ ይልቅ ወደ አጭሩ ያዘነብላል፤ ሥራው ይኸው ነው። በደብረ ማርቆስ የሚዞረው መንገድ ከሞጣው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አጭር ፈልግ የተባለ መተግበሪያ ሞጣን መምረጡ ግዴታው ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ምርጫዎች እርስ በርስ ተጻረሩ፦ አንዱ ወደ አጭሩ ጎተተ፣ ሌላው ሊያስቆመው ሲገባ ዓይኑ ታውሮ ነበር፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም።

ምላሽ 7

ቁስቋም ሄዶ አረጋገጠ። መንገዱን እንደገና አስወጥቶ፣ ዝርዝሩን ሲከፍት መተግበሪያው የመንገዱን ገጽ በቀለም ከፋፍሎ እንደሚያሳይ አየ፤ ከአስፋልቱ ቀጥሎ undefined የሚል ግራጫ ቀለም ያለው ረጅም ክፍል አገኘ፤ ጣቱን ሲያሳርፍበት ባሌስትራው የተሰበረበት ቦታ ነው። ከመነሣቴ በፊት ይህን ማየት እችል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አንገረብ በአንድ መስመር መለሰ፦ ትችል ነበር፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። እኔ ከዚህ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል ይህን እይዛለሁ፤ መንገዱ ከወጣ በኋላ ዝርዝሩን ከፍቶ ያልታወቀው ክፍል ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ መመልከት። ሃያ ኪሎ ሜትር ያልታወቀ ነገር ካለ፣ ጠጠር ነው ብሎ መነሣት ይሻላል።

ምላሽ 8 እስከ 10

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። «ፒያሳ» የሚባሉት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ነገሩ እንዳስቆጣቸው ጻፉ። በእርሳቸው ዘመን ሊማሊሞን ያለ ፍሬን ረዳት የወረደ ሰው መንገድ የሚጠይቀው ከመናኸሪያ ነበር፤ ዛሬ ሾፌሩ ሁሉ አንገቱን ስልክ ላይ ደፍቶ ገደል ይገባል። ባሕር ዳር መናኸሪያ ቆሞ አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ያለ ምንም መተግበሪያ መልሱን ያገኝ ነበር አሉ።

«ደፈጫ» የሚባል ወጣት በጭካኔ መለሰላቸው፤ የተሰበረ ባሌስትራ በእርሳቸው ዘመንም እንደ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ እንዳልተሰማ ተናገረ። ማራኪ ለጋሼ እንዲህ አይጻፍም ብላ ገሠጸችው። የሚያሳዝነው፣ በዚህ መካከል ጋሼ ፒያሳ ያሉት ዋናው ቁም ነገር ሊጠፋ ነበር፦ የወረደ ካርታ ዛሬ ጠዋት የተዘጋን መንገድ አያውቅም። ናዳ ይውረድ፣ ድልድይ ይሰበር፣ ወይም በሌላ ምክንያት መንገዱ አይለፍ፣ ካርታው የተቀዳበትን ቀን ይዞ ይቀመጣል። ይህን ከመናኸሪያ በቀር የሚናገር የለም።

ምላሽ 11

ሎዛ የራሷን ጉዳይ ይዛ ተመለሰች። የምትነዳው ዝቅ ያለች ቪትዝ ነው፤ ወደ ጎርጎራ ስትሄድ ጠጠር መሸሽን ብታበራ መተግበሪያው አንድ ጊዜ መንገድ የለም አላት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሌላ መተግበሪያ ሞክራ በማታውቀው ዙሪያ ሊወስዳት ፈለገ። በቆላ ድባ በኩል ያለውን መንገድ ግን ሰው ሁሉ ይሄድበታል። ምርጫው ለእርሷ ጠቀሜታ አለው ወይስ ይጥፋ?

ምላሽ 12

አንገረብ ያበራችው ምርጫ ከመድረሻዋ ጋር እንደማይታረቅ ገለጸላት። መድረሻው ራሱ ጠጠር ላይ ከሆነ፣ ወይም ወደዚያ የሚወስደው ሁሉ ጠጠር ተብሎ ከተመዘገበ፣ ፈጽሞ የሚከለክል መተግበሪያ መንገድ የለም ይላል፤ ቅጣት ብቻ የሚጨምር መተግበሪያ ደግሞ ጥቂት ጠጠር ለማስቀረት ሩቅ ያዞራል። ዌዝ በሚባለው መተግበሪያ ላይ ይህ በሦስት የተከፈለ ነው፦ መፍቀድ፣ መከልከል፣ ረጅሙን ብቻ መሸሽ። ሦስተኛው ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ዌዝ አዲስ መንገድ ለማውጣት ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ለሎዛ የመከራት ምርጫውን አጥፍታ መንገዱን እንድታስወጣ፣ ከዚያም የጠጠሩን ርዝመት ከዝርዝሩ ላይ አይታ ራሷ እንድትወስን ነው። ለቪትዝ የሚያሳስበው፣ አለ፣ ጠጠር መሆኑ አይደለም፤ ጠጠሩ በዝናብ ታጥቦ ድንጋዩ መውጣት አለመውጣቱ ነው፤ ይህንን ደግሞ በካርታ ላይ የሚጽፍ ሰው እምብዛም የለም።

ምላሽ 13

ጠዳ ወደ ክፍያ ጉዳይ መለሰን። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ክፍያ አለ ወይ? በአዲስ አስፋልት ላይ ሁሉ ክፍያ የተጀመረ መስሎት ነበር።

ምላሽ 14 እና 15

ቀሃ መለሰ። ከጎንደር ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን እስከ አዲስ አበባ ድረስ የክፍያ መንገድ የለም፤ ክፍያ ያለባቸው የፍጥነት መንገዶች ናቸው፤ እነርሱም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ፣ እንዲሁም ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚሄዱት ናቸው። ስለዚህ ለጎንደር ሰው Avoid toll roads የሚለው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚነቃ ምርጫ ነው። ሲነቃ ግን ትልቅ ነገር ያደርጋል፦ መኪናውን ከፍጥነት መንገዱ አውጥቶ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በሚያልፈው አሮጌ መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ጋሼ ፒያሳ በዚህ ላይ ከሁሉ የተሻለ ነገር ተናገሩ። አሮጌው መንገድ ነጻ ነው፣ ግን ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተቱ፣ በየከተማው እየቆሙና እየተነሡ የሚሄዱበት ነው፤ ጭነት የያዘ መኪና ቆሞ በተነሣ ቁጥር የሚበላው ናፍታ ከክፍያው ጋር ይቀራረባል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ደግሞ ሰማንያ ላይ ይዞ የሚሄድና መቶ ሃያ የሚያስረግጥ ሰው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ገንዘብ ከፍሎ ናፍታም ያቃጥላል፣ ነፋሱን መግፋት ከፍጥነቱ በላይ ስለሚከብድ። የሚሻለው የቱ እንደ ሆነ በቁርጥ አልተናገሩም፤ በሌሊት ባዶ መኪና ይዞ ለሚሄድ ሰው አሮጌው እንደሚያዋጣ፣ በቀን ለሚሄድ ግን እንደማያዋጣ ግምታቸውን ሰጡ። ደፈጫ በዚህ ጊዜ ጋሼ ብሎ አመሰገናቸው።

ምላሽ 16 እስከ 18

ከክፍያው ተነሥቶ ክሩ ወደ ኬላ ሄደ። አንድ አባል በየከተማው መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ የሚሰበሰበውን የኮቴ ገንዘብ የትኛው መተግበሪያ እንደሚሸሽ በፌዝ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ስም እየጠራ መክሰስ ጀመረ። አወያዩ ስሞቹን አጥፍቶ፣ ካርታው ላይ `toll=yes` ተብሎ የሚጻፈው ሕጋዊ የመንገድ ክፍያ ብቻ እንደ ሆነ፣ ገመድ ግን ዛሬ ተዘርግቶ ነገ እንደሚነሣ ጠቅሶ ወደ ጉዳዩ መለሰን።

ምላሽ 19

ማራኪ የመጀመሪያዋን ነገር አልረሳችም። የሞጣው መንገድ በእርግጥ ይበልጥ ነዳጅ በላ ወይ? ቁስቋም የተናደደው በባሌስትራው ነው፤ የናፍታውን ሒሳብ ግን አልነገረንም። ይህች ሴት በክሩ ውስጥ ትክክለኛ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቅ ናት።

ምላሽ 20

አንገረብ ሒሳቡን ሠራ፤ ያወጣው ውጤት የራሱን የቀድሞ አነጋገር በከፊል የሚያዳክም ቢሆንም ሳይሸሽግ አቀረበው። አንድ ቶን ክብደት መቶ ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ሞተሩ ወደ 0.09 ሊትር ናፍታ ያወጣል፤ ይህ የሞተሩ ብቃት ሠላሳ ከመቶ ገደማ ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። የቁስቋም ፒክአፕ ከጭነቱ ጋር 2.2 ቶን ቢሆን፣ አንድ ሺህ ሜትር ዳገት ለብቻው ወደ ሁለት ሊትር ይወስዳል። በደልዳላ አስፋልት ላይ በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና ይህ የሃያ ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። እንግዲህ መለኪያው ይኸው ነው፦ አንድ ሺህ ሜትር ተጨማሪ ዳገትና ሃያ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ርቀት ለዚህች መኪና እኩል ናቸው።

ጠጠርም የራሱ ዋጋ አለው። ጎማው በልቅ ጠጠር ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ከአስፋልቱ እጥፍ ቢሆን፣ ለዚያው መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ያህል ይጨምራል። አሁን ሁለቱን መንገዶች ማስተያየት ይቻላል። በሞጣ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል፤ ይህም ከአምስት ሊትር በላይ ነው። በጠጠሩ ጥቂት ሊትር ቢጠፋ፣ በዳገቱም ጥቂት ቢጨመር፣ በናፍታ ብቻ ከተሰላ አጭሩ መንገድ ሊያሸንፍ ይችላል። መተግበሪያው ያለው ነገር ሐሰት አልነበረም ማለት ነው። የከሰረው ቁስቋም እንጂ የናፍታው ጋን አይደለም፤ ጎማው፣ ባሌስትራውና የጠፋው ግማሽ ቀን በየትኛውም ምርጫ ውስጥ አይቆጠሩም።

ዳገትን በሚመለከት አንድ ነገር አክሎ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እርሱን ነው። የመነሻና የመድረሻ ከፍታ ልዩነት በየትኛውም መንገድ ቢኬድ አይቀየርም። ከመተማ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ከሺህ ሜትር በላይ መውጣቱ አይቀርለትም። የሚለያየው ወርዶ እንደገና መውጣቱ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ከሺህ ሜትር የሚበልጥ ዳገት ነው፤ በቁልቁለቱ ማርሽ ይዞ የሚወርድ መኪና ናፍታ የሚጠቀመው ለስሙ ያህል ቢሆንም፣ የወረደበትን ከፍታ ማንም አይመልስለትም። ሞጣም ሆነ ደብረ ማርቆስ ደጀን ላይ ስለሚገናኙ የዓባይ በረሃ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ማነጻጸር የሚያስፈልገው ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ያለውን ብቻ ነው። ኦስማንድ መንገዱን ካወጣ በኋላ ጠቅላላው ሽቅብና ቁልቁል ስንት ሜትር እንደ ሆነ በሥዕል ያሳያል፤ ሁለቱን መንገዶች በየተራ አስወጥቶ የሽቅቡን ድምር ማስተያየት ነው።

ምላሽ 21

ደፈጫ ይህን ሒሳብ ለሰባት ቶን አይሱዙ አዙሮ አሰላው፤ አንድ ሺህ ሜትር ዳገት ከስድስት ሊትር በላይ መሆኑን አገኘ። ለከባድ መኪና እንግዲህ ዳገቱ ከርቀቱ ይልቅ መወሰን ይጀምራል ብሎ ደመደመ። አንገረብ በጥንቃቄ ተቀበለው፤ የአይሱዙው የደልዳላ ፍጆታም ከፒክአፑ ስለሚበልጥ ንጽጽሩ በዚያ ልክ መደረግ አለበት አለ። ሁለቱ እዚህ ላይ አልተስማሙም፤ ደፈጫ የራሱን መኪና የናፍታ ደረሰኝ ይዞ እመለሳለሁ ብሎ እስካሁን አልተመለሰም።

ምላሽ 22

ቁስቋም በሚቀጥለው ጉዞ እንዴት እንደሚያደርግ ጻፈ። Fuel-efficient way ይጠፋል። Avoid unpaved roads ይበራል፣ ግን አይታመንም። ባሕር ዳር ላይ መተግበሪያው ሞጣን እንዳይመርጥ ደብረ ማርቆስን እንደ መካከለኛ መቆሚያ ያስገባል፤ መካከለኛ መቆሚያ የማይቀበል መተግበሪያ ለሚጠቀም ሰውም መድረሻውን መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ብሎ፣ እዚያ ሲደርስ አዳማ ብሎ መቀየር ያው ነው። የክፍያውን ምርጫ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ እንደ ሰዓቱና እንደ ጭነቱ ይወስናል። ጋሼ ፒያሳ አጽድቀው፣ መናኸሪያው ላይ መጠየቁን ግን ከዝርዝሩ እንደ ተወው አስታወሱት።

ምላሽ 23 እስከ 26

የመጨረሻው ክርክር ካርታውን ስለ ማረም ነበር። ቁስቋም የጠጠሩን ቁራጭ ፎቶ አንሥቶ ነበርና አንገረብ መረጃውን ሊያስገባው ፈለገ። ኢንተርኔት በተገኘ ቀን ስትሪትኮምፕሊት በተባለው ቀላል መተግበሪያ ማንም ሰው የመንገዱን ገጽ መመዝገብ እንደሚችል፣ የወረደው የኦስማንድ ካርታ ግን በየወሩ ስለሚወጣ እርማቱ ስልክ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ ወር ካርታውን ላደሰ ሰው እንደ ሆነ አስረዳ። የማራኪ የመጀመሪያ ጥያቄም በዚህ ተመለሰ፤ የቁስቋም ካርታ ከወረደ ወዲህ አልታደሰም ነበር፣ ቢታደስ ኖሮም ማንም ያልጻፈውን ባላሳየው ነበር።

ቀሃ ተቃወመ። ያ ቁራጭ በግንባታ ላይ ስለሆነ `surface=gravel` ሳይሆን `highway=construction` ተብሎ መጻፍ አለበት አለ። አንገረብ እንዲህ ከተጻፈ መተግበሪያዎች መንገዱን እንደሌለ ይቆጥሩታል፤ መኪና በየቀኑ የሚያልፍበትን መንገድ ከካርታ ላይ ማጥፋት ሞጣ ላሉ ሰዎች አስቸጋሪ ነው ሲል መለሰ። አንድ የሞጣ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈ፣ የተባለው ቁራጭ ከሳምንታት በፊት አስፋልት እንደ ለበሰ ነገረን፤ ሌላው ደግሞ በዚያ በኩል ትናንት እንዳለፈና ከፊሉ አሁንም ጠጠር እንደ ሆነ ጻፈ። አንገረብ የሁለቱንም የቦታ ቁጥር ጠይቋል፤ እስኪመጣለት ድረስ ያንን ቁራጭ ባዶውን ትቶታል።